ቫትና ቅናሽ ሲሰሉ ሳንቲሟ የት ትገባለች?

አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ለአንድ መሥሪያ ቤት ፕሮፎርማ አዘጋጀ እንበል። ዕቃዎቹ ሦስት ናቸው፤ የፎቶኮፒ ወረቀት 1,250.24 ብር፣ እስክሪብቶ 310.44 ብር፣ ቦክስ ፋይል 95.84 ብር። ዋጋው ሁሉ ከታክስ በፊት ያለው ነው። ድምሩ 1,656.52 ብር ይመጣል።

በኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የሽያጭ ታክስን ተክቶ የመጣው ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በተለምዶ ቫት የሚባለው፣ መጣኔው 15 በመቶ ነው። የመደብሩ ሠራተኛ ቫቱን በየመስመሩ ካሰላ ለወረቀቱ 187.536፣ ለእስክሪብቶው 46.566፣ ለቦክስ ፋይሉ 14.376 ብር ያገኛል። ከሳንቲም በታች የሚከፈል ገንዘብ ስለሌለ እያንዳንዱን ወደ ቅርቡ ሳንቲም ያጠጋጋል፤ 187.54፣ 46.57 እና 14.38። ሲደመሩ 248.49 ብር ይሆናሉ። የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሠራተኛ ግን ድምሩን ወስዶ በአንድ ጊዜ በ15 በመቶ ያባዛል። 248.478 ያገኝና ወደ 248.48 ያጠጋጋዋል። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል የአንድ ሳንቲም ልዩነት አለ፤ ማባዛት የተሳሳተ ሰው ግን የለም።

ልዩነቱ የመጣው ከማጠጋጋቱ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ስሌት ሦስት ጊዜ አጠጋግቷል፤ በየጊዜውም ከሳንቲም አራት አሥረኛውን ወደ ላይ ጨምሯል። ሁለተኛው ያጠጋጋው አንዴ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ መስመር ወደ ላይ ሲጠጋጋ ሌላው ወደ ታች ስለሚሄድ ትርፍና ጉድለቱ ይካካሳል። ተመሳሳይ ዋጋ ያለው ዕቃ በብዙ መስመር ሲደጋገም ግን ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ እየተጠራቀመ ይመጣል።

ሁለቱም መንገዶች በዓለም ላይ ይሠራባቸዋል። ለምሳሌ የአውሮፓ የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ መለኪያ፣ EN 16931፣ ታክሱ በየመስመሩ እንዲሰላ አያደርግም። አንድ ዓይነት መጣኔ ያላቸው ዕቃዎች ዋጋ ተደምሮ በመጣኔው ይባዛል፤ ውጤቱም አንዴ ወደ ሁለት የአስርዮሽ አሃዝ ይጠጋጋል። ችግር የሚፈጠረው ሁለቱ መንገዶች በአንድ ደረሰኝ ላይ ሲቀላቀሉ ነው፤ መስመሮቹ በአንዱ፣ የግርጌው ድምር በሌላው ሲሰላ ገዢው ደምሮ የሚያገኘው ከታተመው ጋር አይገጥምም።

ነገሩ የሚከብደው ቅናሽ ሲገባ ነው። መደብሩ ከጠቅላላው ዋጋ ላይ 180 ብር ቀነሰ እንበል። ቫት የሚሰላው ከቅናሹ በኋላ በሚቀረው ገንዘብ ላይ ስለሆነ፣ ከዕቃዎቹ አንዱ ከታክስ ነፃ ቢሆን ኖሮ ከ180 ብሩ ምን ያህሉ የእሱ ድርሻ እንደሆነ ማወቅ ግድ ይል ነበር። ስለዚህ ቅናሹ ለየመስመሩ እንደ ዋጋው መጠን ይከፋፈላል። ወረቀቱ 135.853፣ እስክሪብቶው 33.733፣ ቦክስ ፋይሉ 10.414 ብር ይደርሳቸዋል። እያንዳንዱ ሲጠጋጋ 135.85፣ 33.73 እና 10.41 ይሆናል። ድምሩ 179.99 ነው። አሁን አንድ ሳንቲም ባለቤት አጥታ ቀረች።

ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የተረፈችውን ሳንቲም ለመጨረሻው መስመር ይሰጧታል። ለሦስት መስመር አይጎዳም፤ ለመቶ መስመር ግን በርካታ ሳንቲሞች በአንድ ርካሽ ዕቃ ላይ ሊከመሩ ይችላሉ። የተሻለው ዘዴ የትልቁ ቀሪ ዘዴ ይባላል፤ በምርጫ ድምፅ የምክር ቤት መቀመጫ ለማከፋፈልም ያገለግላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የሁሉም ድርሻ ወደ ታች ተቆርጦ ሙሉ ሳንቲም ብቻ ይቀራል። ቀጥሎ የተቆረጠው ድምር ከ180 ብር በስንት ሳንቲም እንደሚያንስ ይታያል። ከዚያ ብዙ ከተቆረጠበት መስመር ጀምሮ ለእያንዳንዱ አንድ ሳንቲም ይታደላል።

በምሳሌው ከወረቀቱ 0.30፣ ከእስክሪብቶው 0.29፣ ከቦክስ ፋይሉ 0.41 ሳንቲም ተቆርጧል። ብዙ የተቆረጠበት ቦክስ ፋይሉ ስለሆነ ሳንቲሟ ለእሱ ትሆንና ቅናሹ 10.42 ይሆናል። ድምሩ ልክ 180 ብር መጣ። ሁለት መስመሮች እኩል ከተቆረጠባቸው በደረሰኙ ላይ ቀድሞ የተጻፈው ይውሰድ ተብሎ አስቀድሞ ይወሰናል፤ አለዚያ ያው ትዕዛዝ ዛሬና ነገ ሲሰላ የተለያየ ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

ከዚህ በኋላ መስመሮቹ 1,114.39፣ 276.71 እና 85.42 ብር ናቸው፤ ድምራቸው 1,476.52። ቫቱ በጠቅላላው ላይ አንዴ ሲሰላ 221.48 ብር ነው፤ የሚከፈለውም 1,698 ብር ይሆናል። በየመስመሩ የቫት ድርሻ ማሳየት ካስፈለገ ይኸው 221.48 በዚያው ዘዴ ይከፋፈላል፤ 167.16፣ 41.51 እና 12.81። ድምሩ ከመስመሮቹ የሚወጣ ሳይሆን መስመሮቹ ከድምሩ የሚወጡ በመሆናቸው ሊጣሉ አይችሉም።

የችርቻሮ መደብር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። እዚያ የሚለጠፈው ዋጋ ቫትን ያካተተ ነው። 10 ብር የተለጠፈበትን ዕቃ ከታክስ በፊት ባለው ዋጋ ለመመዝገብ የሚሞክር ሰው ይቸገራል። 8.69 ብር ላይ 15 በመቶ ሲጨመርና ሲጠጋጋ 9.99 ይመጣል፤ 8.70 ላይ ሲጨመር 10.01። በመካከላቸው ሌላ ሳንቲም ስለሌለ በዚህ መንገድ 10 ብር ላይ መድረስ አይቻልም። መፍትሔው ከተለጠፈው ዋጋ መነሣት ነው። 10 በ15 ተባዝቶ ለ115 ሲካፈል ቫቱ 1.30 ይሆናል፤ የዕቃው ዋጋ ሌላ ስሌት ሳያስፈልገው በመቀነስ 8.70 ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሁሉ የተስተካከለ ስሌት ኮምፒዩተሩ ገንዘቡን በሚያስቀምጥበት መንገድ ሊበላሽ ይችላል። ተራው የኮምፒዩተር አስርዮሽ ቁጥር በውስጥ በሁለት ቤት ስለሚጻፍ አንድ አሥረኛን በትክክል መያዝ አይችልም። በፓይተን እንዲህ ይታያል፦

```
>>> 0.1 + 0.2
0.30000000000000004
```

ስሕተቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ ልክ በግማሽ ሳንቲም ድንበር ላይ ሲያርፍ ወደ ላይ መሄድ የነበረበትን ወደ ታች ይልከዋል። ስለዚህ ገንዘብ በሙሉ ቁጥር፣ በሳንቲም ይቀመጣል፤ 1,250.24 ብር 125024 ሆኖ ማለት ነው። በብር የሚጻፈው ለሰው ዐይን ሲታይ ብቻ ነው።

የማይገጥም ደረሰኝ የደረሰው የሒሳብ ባለሙያ ጥፋቱ የማጠጋጋት መሆን አለመሆኑን በቀላሉ ይለያል። አንድ ማጠጋጋት ከግማሽ ሳንቲም በላይ አይሳሳትም። ስለዚህ የ40 መስመር ደረሰኝ ከነድምሩ ማጠጋጋት ቢበዛ 20 ሳንቲም ገደማ ሊዛነፍ ይችላል። ልዩነቱ 3 ብር ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ቅናሹ ከቫት በኋላ ተቀንሶ ወይም አንድ ከታክስ ነፃ የሆነ ዕቃ ቫት ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል።

የየመስመሩ ድርሻ ከደረሰኙ ጋር ተመዝግቦ መቀመጥ ያለበት ዕቃ ሊመለስ ስለሚችል ነው። መሥሪያ ቤቱ ቦክስ ፋይሎቹን ቢመልስ የሚገባው 85.42 ብርና የ12.81 ቫቱ፣ በጠቅላላው 98.23 ብር ነው። መደብሩ የየመስመሩን ቅናሽ ካልያዘና ከመጀመሪያው ዋጋ ተነሥቶ እንደገና ካሰላ 110.22 ይመልሳል፤ መሥሪያ ቤቱ ከከፈለው በላይ 11.99 ብር ማለት ነው።