ያለፈውን ዋጋ ስንፈትን የነገውን እንዳናይ

የ200 ቀን ተንቀሳቃሽ አማካይ ቀላል የአክሲዮን ግብይት ስልት ነው። የዛሬው መዝጊያ ዋጋ ካለፉት 200 የግብይት ቀናት አማካይ በላይ ከሆነ አክሲዮኑ ይያዛል፤ በታች ከሆነ ተሸጦ ጥሬ ገንዘብ ይያዛል። ይህ ደንብ በቀድሞው ገበያ ላይ ቢሠራበት ኖሮ ምን ያተርፍ ነበር ብሎ ማስላት ባክቴስት ይባላል። ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው እውነቱን እንዲናገር ማድረግ ነው።

የአሜሪካውን ኤስ ኤንድ ፒ 500 እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2020 ከአማካዩ በላይ ዘጋ። በማግስቱ በኮሮና ሥጋት 4.4 በመቶ ወርዶ ከአማካዩ በታች ዘጋ። የሽያጩ ምልክት የታየው እንግዲህ ገበያው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ደንቡን የሚከተል ሰው ያንን ኪሳራ ቀምሶታል። በስሌቱ ላይ ግን የ27ኛው ቀን ምልክት ከዚያው ቀን ለውጥ ጋር ከተባዛ፣ ሰውየው ከውድቀቱ በፊት ወጥቶ ያደረ ይመስላል። በየዓመቱ እንዲህ ያሉ ቀናት ሲደማመሩ በገበያው ውስጥ ያልነበረ ትርፍ ይፈጠራል። ማረሚያው ምልክቱን በአንድ ቀን ማዘግየት ነው፦

```python
signal = (close > close.rolling(200).mean()).astype(int)
result = signal.shift(1) * close.pct_change()
```

ይህም ቢሆን ልክ በመዝጊያው ዋጋ ሸጠናል ብሎ ያስባል። ስለዚህ `shift(2)` አድርጎ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ ማየት ይበጃል፤ በእያንዳንዱ ግዢና ሽያጭም ኮሚሽኑ መቀነስ አለበት።

ሁለተኛው ወጥመድ የሚመጣው ከቁጥሩ ምርጫ ነው። ከ5 እስከ 250 ያሉትን ቀናት ሁሉ ሞክሮ ያሸነፈውን የሚወስድ ሰው፣ አንዱ በዕድል ብቻ ጎልቶ እንደሚወጣ ሊያውቅ ይገባል። 187 ቀን ብዙ አትርፎ 180 እና 195 ከከሰሩ፣ 187ን ያነሣው የአጋጣሚ ነገር ሊሆን ይችላል። ደህና ደንብ ጎረቤቶቹም ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣሉ።

ሱሊቫን፣ ቲመርማንና ዋይት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 ባሳተሙት ጥናት ወደ 8 ሺሕ የሚጠጉ የግብይት ደንቦችን በዶው ጆንስ የረጅም ዘመን ዋጋ ላይ ፈትነዋል። እስከ 1986 ድረስ ምርጥ ሆኖ የወጣው ደንብ በቀጣዮቹ 10 ዓመታት ብልጫውን ይዞ አልዘለቀም።

የእነርሱ መንገድ ለማንም ይሠራል። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ዋጋ ለይቶ ማስቀመጥ፣ የቀኑን ቁጥር በቀደሙት ዓመታት ብቻ መወሰን፣ ከዚያ የተቀመጠውን አንድ ጊዜ ከፍቶ ዝም ብሎ ገዝቶ ከመያዝ ጋር ማወዳደር። ውጤቱን አይቶ ቁጥሩን የቀየረ ሰው ግን እነዚያን ዓመታት ለፈተና መጠቀም አይችልም፤ መልሱን አይቶታል። ስለዚህ ያማረ የትርፍ ሠንጠረዥ ይዞ የሚመጣ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ይህኛው ከመመረጡ በፊት ስንት ሌሎች ቁጥሮች እንደተሞከሩ ጠይቁት።