ሁለት እህቶች፣ አንድ ሻይ ቤት፣ አንድ የጀርባ ሽፋን

መጽሐፍ ገዥ የፊቱን ሽፋን አይቶ ወዲያው ገልበጥ ያደርገዋል። አዟሪው አጠገቡ ቆሞ እየጠበቀው ስለሆነ ከጀርባው ላይ ጥቂት መስመር አንብቦ ይገዛል ወይም ይመልሳል። እዚያ የሚሰፍረው ጽሑፍ ሥራው ታሪኩን ማሳጠር አይደለም፤ መልሱ መጽሐፉ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ጥያቄ አንባቢው ላይ መጣል ነው።

የአማርኛ ልቦለዶች ጀርባ ብዙ ጊዜ በደራሲው ፎቶግራፍና የሕይወት ታሪክ፣ በታዋቂ ሰው አስተያየት ወይም ከመጽሐፉ በተወሰደ ቅንጭብ ይሞላል። አስተያየቱ ደራሲው የተከበረ መሆኑን ይነግራል፤ ቅንጭቡ አጻጻፉን ያስቀምሳል። ሁለቱም ግን “ታሪኩ የማን ነው? ችግሩስ ምንድን ነው?” ለሚል አንባቢ መልስ አይሰጡም። ለዚህ ለብቻው የተጻፈ ከመቶ እስከ መቶ ሃምሳ ቃል ያለው አንቀጽ ይበቃል።

በምሳሌ እንየው። ከአባታቸው የከሰረ ሻይ ቤት ስለወረሱ ሁለት እህቶች የተጻፈ ልቦለድ አለ እንበል። የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይሆናል፦

“ይህ መጽሐፍ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ተስፋ የሚተርክ፣ አንባቢን ሰቅዞ የሚይዝ ድንቅ ልቦለድ ነው። ሁለት እህቶች የወረሱትን ሻይ ቤት ከውድቀት ለማዳን የሚያደርጉትን ትግል ያሳያል።”

ውሸት የለበትም፤ ግን “ሻይ ቤት” የሚለውን “ዳቦ ቤት” ብንለው ምንም አይጎድልበትም። ድንቅ መሆኑን መፍረድም የአንባቢው ፋንታ ነው። ትልቁ ጉድለት ግን እህትማማቾቹ አንድ ዓይነት ነገር የሚፈልጉ መምሰላቸው ነው። ሁለቱም ቤቱን ማዳን ከፈለጉ ጠቡ ከማን ጋር ነው?

ጠቡን የሚሰጠን ውርሱ ራሱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ አንዷ ብቻዋን ተነሥታ ቤቱን በሙሉ መሸጥ አትችልም። ስለዚህ አንደኛዋ መሸጥ፣ ሌላኛዋ መቆየት ከፈለገች ሁለቱም ተያዙ ማለት ነው። በዚህ ላይ ቀነ ቀጠሮ ሲጨመር ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

“ጋሽ አበራ ሲሞቱ ለሁለት ሴት ልጆቻቸው የተዉት ደሴ ፒያሳ ያለ ሻይ ቤት፣ ያልተከፈለ የሦስት ዓመት ግብርና አንድ የዱቤ ደብተር ነው። ትልቋ ዘነበች አሥራ አምስት ዓመት እዚያው ሻይ ስትቀዳ ኖራለች፤ ሌላ ሥራ አታውቅም። ታናሿ ሰብለ ከቤሩት የመጣችው ድርሻዋን ይዛ ልትመለስ ነው። ገዥ ተገኝቷል፤ የሚጠብቃቸው ግን እስከ መስቀል ብቻ ነው። ዘነበች ዕዳ ልትሰበስብ ደብተሩን ስትገልጥ አንድ ገጽ ተቀዶ ታገኛለች። ማን እንደቀደደው የምታውቀው ሰብለ ብቻ ናት።”

እዚህ ላይ “ትግል” የሚል ቃል የለም፤ ትግሉን ግብሩና ቀጠሮው ያሳዩታል። የዱቤ ደብተሩ ደግሞ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሻይ ቤቱ ለምን እንደከሰረ ይናገራል፤ ጋሽ አበራ እምቢ ማለት የማይሆንላቸው ሰው እንደነበሩም ይጠቁማል። ስማቸው የተጠራው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ገዥው ስም አልተሰጠውም፤ ጎረቤቶችና ደንበኞችም አልተነሡም። ቆሞ የሚያነብ ሰው ከዚያ በላይ ስም ሲደረደርለት ማን ማን እንደሆነ ይጠፋዋል።

ከባዱ ምርጫ የት ላይ እንደሚቆም ነው። ጸሐፊዎች እንደ ልማድ የሚይዙት መለኪያ ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ሩብ አለማለፍ ነው። ገጹ መቀደዱ መጀመሪያ አካባቢ የሚታወቅ ከሆነ ይነገራል፤ ገጹ ላይ የማን ስም እንደነበር ግን አይነገርም። ደራሲው ራሱ ሲጽፈው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ መጨረሻውን ስለሚያውቅና ስለሚወደው ሳያስበው ያወጣዋል። ስለዚህ ረቂቁን መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ሰጥቶ “እህትማማቾቹ ምን ምን ይፈልጋሉ? ቀጥሎስ ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?” ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያውን መመለስ ካቃተው ጽሑፉ ደብዛዛ ነው፤ ሁለተኛውን “ምንም” ብሎ ካለፈው ከሚገባው በላይ ተነግሯል።

ጥሩ የጀርባ ጽሑፍ ግን ከመጽሐፉ በላይ መጮህ የለበትም። የተቀደደው ገጽ ልቦለዱ ውስጥ በሁለት ምዕራፍ የሚያልቅ ትንሽ ጉዳይ ከሆነ፣ ጀርባው ላይ ትልቅ ምስጢር አድርጎ ማቅረብ ገዥውን ማታለል ነው። የወንጀል ታሪክ ጠብቆ የገዛ ሰው የእህትማማቾች ቅያሜ ሲያነብ ቢውል፣ መጽሐፉ ጥሩ ቢሆን እንኳ የዚያን ደራሲ ቀጣይ ሥራ ገልብጦ አያይም።