ዐሥራ ስድስት ሕፃናት፣ አራት ኳሶች፣ አንድ ሰዓት፦ የሮቤ የልምምድ ዕቅድ

በሮቤ ከተማ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ 16 ሕፃናትና አራት ኳሶች ያሉት አሰልጣኝ አለ እንበል። ልጆቹን አሰልፎ በየተራ ወደ ግብ ቢያስመታና አንዱ ተራ 15 ሰከንድ ቢፈጅ፣ እያንዳንዱ ልጅ ኳስ የሚያገኘው በአራት ደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰልፉን ትቶ 8 ለ 8 ቢያጫውታቸውም ነገሩ ብዙ አይሻልም፤ ኳሱ ለ20 ደቂቃ ሳይቋረጥ ቢንቀሳቀስና ለሁሉም እኩል ቢዳረስ እንኳ የአንዱ ድርሻ 1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው። በ4 ለ 4 ድርሻው ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ በ2 ለ 2 ደግሞ አምስት ደቂቃ ይሆናል። የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ በሕፃናት ደረጃ አነስተኛ ቡድኖችን አስገዳጅ ያደረገውም ሕፃናቱ ኳስ ደጋግመው እንዲያገኙ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 12 ደቂቃዎች በአራት ጠባብ ሜዳዎች ለሚደረግ 2 ለ 2 ይውላሉ፤ ሁለት ደቂቃ ጨዋታ፣ አንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ ከዚያም ተጋጣሚ መቀያየር። ቀጥሎ 30 ሜትር በ20 ሜትር በሆኑ ሁለት ሜዳዎች 4 ለ 4 ይካሄዳል፤ አራት ደቂቃ ጨዋታና ሁለት ደቂቃ ዕረፍት አምስት ጊዜ ሲደጋገም 30 ደቂቃ ይሞላል። እያንዳንዱ ዙር ከ0 ለ 0 ስለሚጀምር የተሸነፈ ልጅ ሽንፈቱን ይዞ አይቆይም። የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ልጆቹ የመረጡትን የሚጫወቱባቸው ናቸው፤ የተረፈው ጊዜ ለውኃና ለሜዳ ዝግጅት ይሆናል። (ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ ይሁንና ትንፋሽ የሚያጥረው ከቆላ የመጣውን አሰልጣኝ እንጂ እዚያው ያደጉትን ልጆች አይደለም።)

ግቦቹ ሁለት ሜትር ያህል ተራርቀው የሚቀመጡ ድንጋዮች ናቸው፤ በረኛ የለም። በረኛ በሌለበት ልጆች ከሩቅ መምታት ስለሚወዱ፣ ግብ የሚቆጠረው ከመሐል መስመር አልፎ ሲመታ ብቻ ነው። በ4 ለ 4 ጊዜ ትርፍ የሆኑት ሁለት ኳሶች በአሰልጣኙ እግር ሥር ይቀመጣሉ። ኳስ ሲወጣ ወዲያውኑ ሌላ ያስገባል፤ የወጣው በዕረፍት ጊዜ ይለቀማል። ጨዋታን ከሁሉ በላይ የሚያባክነው ኳስ ፍለጋ ነውና ይህ ሊናቅ አይገባም።

ዕቅዱ መሥራቱ የሚታወቀው በቆጠራ ነው። ረዳቱ በአንድ ዙር የአንድ ጎበዝና የአንድ ዝምተኛ ልጅ ንክኪ ይመዝግብ። አማካይ ቁጥር ያታልላል፤ አንድ ፈጣን ልጅ ብቻውን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ልዩነቱ ከሰፋ ብዙ አሰልጣኞች ጎበዙን «ከሁለት ንክኪ በላይ አትንካ» ይሉታል። ይህ ግን አብዶ የሚማርበትን ዕድሜ መንጠቅ ይመስለኛል። ጎበዞቹን በአንድ ሜዳ፣ ጀማሪዎቹን በሌላው ማጋጠም ይሻላል፤ ዝምተኛው ልጅ ኳስ መጠየቅ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

በዝናብ ወራት ግን ቆጠራው ራሱ ይሳሳታል። ኳሱ ጭቃ ላይ ሲቆም ልጆች ይከቡትና ይረጋገጣሉ፤ ንክኪው ይበዛል፣ ጨዋታው ግን የለም። በዚያን ቀን የሚመዘገበው ልጁ ከነካ በኋላ ኳሱ በእርሱ ወይም በጓደኛው እግር የቀረበት ንክኪ ብቻ ነው፤ ሜዳውም ወደ ደረቁ ጥግ ይዛወራል።