የአያቴ የናስ ጀበና

በእኛ ቤት ጀበና ሲባል የሸክላው አይደለም። አያቴ የመን ተወልዶ ድሬዳዋ የኖረ ነጋዴ ነበር፤ ቡናም ሆነ ከቡና ገለፈትና ከዝንጅብል የሚፈላው ቀሽር የሚቀዳው ከናስ ጀበናው ነው። ሆዱ ከታች ሰፋ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ መቅጃው እንደ ወፍ ምንቃር የሾለ ነው፤ ዐረቦች ደላ ይሉታል። አክስቴ ስታረጅ የት እንደሚቀመጥ ተመካከርንና ለአንድ ሙዚየም ለመስጠት ተስማማን። ደብዳቤውን የመጻፉ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ።

የመጀመሪያው ረቂቄ ሁለት ገጽ ሙሉ ናፍቆት ነበር። በሙዚየም ሥራ ላይ የቆየ አንድ ወዳጄ አንብቦ፣ «አያትህን እንደምትወደው ገባኝ፤ ስለ ጀበናው ግን ምንም አልነገርከኝም» አለኝ። ናስ ናስ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕቃ በየገበያው ይገኛል። ሙዚየሙን የሚያስፈልገው ጀበናው በማን እጅ እንደነበረ፣ ከማን ለማን እንደተላለፈ፣ ይህንንስ ማን እንዳየና ማን እንደሰማ ነው።

ስለዚህ እንደገና ጀመርኩ። በዓይኔ ያየሁትን ለብቻ፣ የተነገረኝን ከተናጋሪው ጋር ለብቻ ጻፍኩ። ያኔ ነው የቤታችን ታሪክ የተንገዳገደው። ስንሰማ ያደግነው፣ አያቴ ጀበናውን ይዞ በመጀመሪያው ባቡር ድሬዳዋ ገባ የሚል ነው። ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። አያቴ ግን በ1984 ዓ.ም. ሲሞት ዕድሜው ሰማንያ ገደማ ስለነበር፣ የተወለደው 1904 አካባቢ መሆን አለበት። ባቡሩ ሲገባ አያቴ አልተወለደም።

ለአክስቴ ስነግራት ተቆጣች። «አባቴን ውሸታም ልታደርገው ነው?» አለችኝ። አይደለም። በዚያ ባቡር የመጣው የአያቴ አባት ሊሆን ይችላል፤ ወይም አያቴ «የመጀመሪያው ባቡር» ሲል በልጅነቱ መጀመሪያ የተሳፈረበትን ማለቱ ሊሆን ይችላል። በደብዳቤው ላይ ታሪኩን ከአክስቴ እንደሰማሁት አስቀመጥኩት፤ ከሥሩ ደግሞ የዓመቱን ስሌት ጨመርኩ። አንዱን መርጦ ሌላውን መደበቅ ግን የሚቀጥለውን አጣሪ ማሳሳት ነው። ታሪኩን ማስተካከል የእኔ ሥራ አልመሰለኝም።

ጀበናው ራሱም የሚናገረው አለው። ቁመቱ 31 ሳንቲ ሜትር ነው። በቀን ብርሃን፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጌ፣ ከየጎኑ፣ ከሥሩና ከውስጡ ፎቶ አነሣሁት። የውስጡ ነጭ የስታኞ ልባጥ አንገቱ አካባቢ ብቻ ቀርቷል። ይህ ልባጥ ሲያልቅ ቡናው ናሱን ይነካል፤ ብረት ብረት ይላል፣ አረንጓዴ ዝገትም ያወጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጀበና በየጊዜው ስታኞ ይቀባል። የእጀታው ታችኛ ሪቬት ከላይኛው አይመሳሰልም፤ ተነቅሎ እንደገና የተመታ ነው። አያቴ ራሱ እንደጠገነው አክስቴ አይታለች፤ ይህን «ያየችው እርሷ ናት» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ጥፋትም ተናዝዣለሁ። አክስቴ ለእንግዳ የሚቀርብ ዕቃ መስሏት አንድ ጎኑን በሎሚና በአመድ ፈትጋው ነበር። ናስ የመዳብና የዚንክ ድብልቅ ነው፤ አሲድ ዚንኩን ቀድሞ ስለሚበላው፣ የታጠበው ቦታ ወደ መዳብ ቀይነት ያደላል። አመዱ ደግሞ ከሆዱ ላይ ያለውን የሠሪውን ማኅተም ጠርዝ ፍቆታል። የዘመናት ጥቁረት እንደ ቆሻሻ ቢታይም ከማኅተሙ ጋር አብሮ የኖረ ሽፋን ነው፤ አንዴ ከሄደ አይመለስም።

ቀሪው የቤተሰብ ጉዳይ ነበር። የአያቴ በሕይወት ያሉ ልጆች አራት ናቸው፤ አራቱም ፈረሙ። አንድ ፊርማ ቢጎድል ነገ ክስ ሊመጣ ስለሚችል ሙዚየም እንዲህ ያለ ስጦታ አይደፍርም። የአጎቴ ልጅ «ለሠርግ እንዋሳለን» የሚል ሐሳብ እንዲገባ ፈልጎ ነበር። ተከራከርንበት። በስጦታ ውል የባለቤትነት መብቱ ይተላለፋል፤ ሁልጊዜ በመስታወት ውስጥ ይታያል የሚል ቃል እንኳ አብዛኛው ሙዚየም አይሰጥም፤ ዕቃ ቤት ሊቀመጥ ይችላል። በመጨረሻ ያለ ቅድመ ሁኔታ ሰጠን። አክስቴ የምታውቀውን በድምፅ ቀድቼ ከደብዳቤው ጋር አያያዝኩት፤ ቀሽሩ እንዴት እንደሚፈላና ሲኒ መጀመሪያ ለማን እንደሚቀርብ ጭምር ተናግራለች።

የሙዚየሙ ባለሙያ ጀበናውን በጓንት ተቀብላ ክዳኑን ከፈተችና ወደ ውስጥ በባትሪ አየች። ከሥሩ ጥቁር የተጋገረ አተላ አለ። አክስቴ ዐፈረች፤ «ሳላጥበው» አለች ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ። ባለሙያዋ ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችውና፣ «እማማ፣ እሱን እንዳይነኩት» አለቻት።