መጠይቁ ራሱ ሲፈተን

«በአዘቦት ቀን እንደ ማንሳት፣ መግፋትና መጎተት ያለ ከባድ የጉልበት ሥራ ሲሠሩ ምን ያህል ጊዜ ያሳልፋሉ?» ጥያቄው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ስታቲስቲክስ ማዕከል ለጤና ጥናት ተረቅቆ የነበረ ነው። መላሹ «ምንም» ከሚለው ጀምሮ በሰዓት ከተደረደሩት አማራጮች አንዱን ይመርጣል። ላየው ሰው እንከን የሌለበት ጥያቄ ይመስላል።

ጥያቄው ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት ግን ለጥቂት ሰዎች ቀረበላቸው። ሁሉም ሳይቸገሩ መለሱ። ጠያቂው ግን መልሱን ጽፎ አላለፈም፤ «ለመሆኑ የትኞቹን ሥራዎች ቆጥረው ነው?» እያለ ጠየቃቸው። ቀኑን ተቀምጠው የሚውሉ ሰዎች ጭምር የሚሠሩትን የጉልበት ሥራ አብዝተው መናገራቸው ያን ጊዜ ታወቀ። ሆን ብለው አልዋሹም። «ምን ያህል ጊዜ» ብሎ የሚጀምር ጥያቄ ሥራው መሠራቱን እንደ እርግጥ ስለሚወስድ፣ «ምንም አልሠራም» ማለት ይከብዳል።

መፍትሔው ጥያቄውን ለሁለት መክፈል ሆነ። መጀመሪያ «እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራሉ ወይስ አይሠሩም?» ተባለ፤ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባቸው የተጠየቁት «አዎ» ያሉት ብቻ ናቸው። የማዕከሉ ተመራማሪዎች ጎርደን ዊሊስና ሱዛን ሼክተር ሁለቱን አጠያየቆች በመስክ ሲያነጻጽሩ፣ በአዲሱ አጠያየቅ «ምንም» ያሉት ሰዎች በእጅጉ በዝተው ተገኙ። በጥቂት ሰዎች ላይ የታየው ችግር በብዙኃኑም ላይ ነበረ ማለት ነው።

ይህ አሠራር ኮግኒቲቭ ቃለ መጠይቅ ይባላል። መነሻው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ልቦናና የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች አብረው መሥራት የጀመሩበት ጊዜ ነው። ሮጀር ቱራንጎ በ1984 እንዳስረዳው አንድ ሰው ሲጠየቅ አራት ነገር ያደርጋል፤ ጥያቄውን ይረዳል፣ ጉዳዩን ያስታውሳል፣ ያስታወሰውን ይመዝናል፣ በመጨረሻም ከቀረቡለት አማራጮች ጋር ያዛምደዋል። ስህተት ከአራቱ በየትኛውም ሊገባ ይችላል። በቅጹ ላይ የሚታየው ግን የመጨረሻው ምልክት ብቻ ነው።

በተግባር ለአንድ ዙር አሥር ያህል ሰዎች ይበቃሉ፤ ከእያንዳንዳቸውም ጋር አንድ ሰዓት ገደማ መቀመጥ ያስፈልጋል። ሰዎቹ በዕጣ አይመረጡም። የተማረውም ያልተማረውም፣ ወጣቱም አዛውንቱም፣ ጥናቱ የሚመለከተው ሰው ሁሉ እንዲኖርበት ታስቦ ይመረጣሉ። ጠያቂው ጥያቄውን ልክ እንደተጻፈው ያነባል፤ መልሱን ከሰማ በኋላ «ጥያቄውን በራስዎ አነጋገር ቢነግሩኝ?»፣ «እዚህ ቁጥር ላይ እንዴት ደረሱ?» እያለ ይመረምራል። «ጥያቄው ግልጽ ነው አይደል?» ማለት ግን ከንቱ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው ለእንግዳ አክብሮት ሲል «አዎ፣ ግልጽ ነው» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ የሚፈተነው መጠይቁ እንጂ መላሹ አለመሆኑን ከመጀመሪያው መንገር ይገባል።

ዊሊስ ሌላም ምሳሌ መዝግቧል። ሰዎች ባለፈው ዓመት የሆድ አካባቢ ሕመም አስቸግሯቸው እንደሆነ ተጠየቁ። ሲመረመሩ ግን አካባቢው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የተስማሙበት ነገር አልነበረም፤ «ዓመት» የሚለውንም የተለያየ ጊዜ አድርገው ተረድተውታል። በኋላ ሥፍራው የተመለከተበት ሥዕል ተዘጋጀላቸው፤ ጊዜውም «ባለፉት 12 ወራት» ተባለ።

ይህ ሁለተኛው ችግር ለአማርኛ መጠይቅም ባዕድ አይደለም። በጥቅምት ወር «ባለፈው ዓመት ስንት ኩንታል እህል ሸጡ?» የተባለ ገበሬ በጳጉሜን ያለቀውን ዓመት ሊያስብ ይችላል፤ አጥኚው የፈለገው ግን ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ያለውን ይሆናል። ሁለቱም የሚሰጡት ቁጥር ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ከገባ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

አሠራሩ ገደብ አለው። አሥር ሰው ችግሩ መኖሩን እንጂ ከመቶ ስንቱን እንደሚነካ አይነግርም። ቃለ መጠይቁ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅና መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቅጹን እንዴት እንደሚይዙት የሚያሳየውም በመስክ የሚደረገው የሙከራ ጥናት ነው። የተስተካከለ ጥያቄም አዲስ ችግር ይዞ ሊመጣ ስለሚችል በሌላ ዙር፣ ለሌሎች ሰዎች ቀርቦ መታየት አለበት።

ስለዚህ ጥናት የምታቅዱ ሁሉ፣ መጠይቁ ከመባዛቱና መረጃ ሰብሳቢዎች ከመሠልጠናቸው በፊት ቢያንስ ለሁለት ዙር የሚሆን ጊዜ መድቡ፤ ለሚመጡት ሰዎችም የመጓጓዣና የውሎ አበል በበጀታችሁ ያዙ።