የሌሊት ፈረቃ ስንት ይከፈላል?

በሌሊት የሚሠራ ሰው ከቀን ሠራተኛ የበለጠ ይከፈለዋል የሚል እምነት በየፋብሪካው በር ይሰማል። እምነቱ ግማሽ እውነት ነው፤ ብዙዎችን በደመወዝ ቀን ግራ የሚያጋባቸውም የቀረው ግማሽ ነው። በግል ድርጅቶች ላይ የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጨለማ ለመሥራት ብቻ ተብሎ የሚከፈል ጭማሪ አላስቀመጠም። አዋጁ ጭማሪ የሚያዘው ለትርፍ ሰዓት ነው። መደበኛ ስምንት ሰዓቷን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የምትሠራ ሴት በሕጉ በኩል የምታገኘው ከጠዋት ፈረቃ ባልደረባዋ ጋር እኩል ነው። ልዩነት ካገኘች ያገኘችው ከሌላ ቦታ፣ ማለትም ከኅብረት ስምምነቱ፣ ከሥራ ውሏ ወይም ከድርጅቱ የውስጥ ደንብ ነው።

ስለዚህ የሌሊት ሠራተኛ የወር ሒሳብ ከሁለት ምንጮች የሚቀዳ ነው። አንደኛው ድርጅቱ በስምምነት የሚሰጠው የፈረቃ አበል ሲሆን መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ጭራሽ የሌለበትም አለ። ሁለተኛው ትርፍ ሰዓት ነው፤ ይሄኛው ላይ ድርጅቱ ከሕጉ መጠን መውረድ አይችልም። ሁለቱን አንድ ላይ አጣምሮ «የሌሊት ክፍያ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ሲደባለቁ ግን የትኛው እንደጎደለ ማወቅ ይከብዳል።

አዋጁ ለትርፍ ሰዓት ያስቀመጠው መጠን ሰዓቱ በቀኑ የት ላይ እንደሚውል ይለያያል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75 ይባዛል። በሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ከሆነ በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ከሆነ በ2.5 ነው። ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለቀኑ 1.25፣ ለሌሊቱ 1.5 ብቻ ነበር። ስለዚህ የሌሊት ትርፍ ሰዓትዎ በ1.5 እየተባዛ ከሆነ ድርጅቱ ዛሬም በአሮጌው አዋጅ እያሰላ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የሌሊት ፈረቃ የሚገባ ሠራተኛ ትርፍ ሰዓቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በቀኑ መጠን ነው። ፈረቃው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሲያልቅ ተተኪው ቀርቶበት ሁለት ሰዓት ቢጨምር፣ ያ ሰዓት የሚባዛው በ1.5 ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ መሆኑ ለውጥ አያመጣም። 1.75ን በብዛት የሚያገኘው የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ገብቶ ምሽት 4 ሰዓት ላይ መውጣት ሲገባው የሚቆየው። ለእኔ ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ የደከመው ያኛው ነውና። ሕጉ ግን የሚያየው የግድግዳውን ሰዓት እንጂ የሠራተኛውን ዓይን አይደለም።

አሁን አንድ ወር እናስላ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔ የመረጥኳቸው ናቸው። አንዲት የማሽን ኦፕሬተር መነሻ የወር ደመወዟ 8,320 ብር ነው እንበል። መጀመሪያ የሚያስፈልገን የአንድ ሰዓት ዋጋዋ ነው። በአዋጁ መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 48 ነው። 48ን በ52 ሳምንት አባዝተን ለ12 ወር ብናካፍል 208 ሰዓት ይመጣል። 8,320 ለ208 ሲካፈል ደግሞ 40 ብር ነው። የዚህች ሴት አንድ ሰዓት 40 ብር ያወጣል።

ሁለት ሳምንት የማታ ፈረቃ፣ ሁለት ሳምንት የሌሊት ፈረቃ ደረሳት፤ የወሩን ትራፊ ቀናት በጠዋት ፈረቃ ሠራች። የድርጅቷ የኅብረት ስምምነት ለእያንዳንዱ የሌሊት ፈረቃ ሰዓት የመደበኛውን ክፍያ 15 በመቶ ይጨምራል እንበል። በሁለት ሳምንት 12 ሌሊት፣ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ሠርታለች፤ ድምሩ 96 ሰዓት ነው። የ40 ብር 15 በመቶ 6 ብር ስለሆነ፣ የፈረቃ አበሏ 576 ብር ይሆናል። ይህ ከመነሻ ደመወዟ ላይ የሚደመር ነው። የነዚያ 96 ሰዓቶች መደበኛ ክፍያ በ8,320ው ውስጥ ስላለ ሁለተኛ አይቆጠርም።

በማታ ፈረቃ ሳምንቷ ሁለት ጊዜ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቆየች። ይህ 8 የሌሊት ትርፍ ሰዓት ነው፤ አንዱ ሰዓት 70 ብር፣ ሁሉም 560 ብር። በሌሊት ፈረቃ ሳምንቷ ሦስት ጠዋት ተተኪ ሳይመጣ ቀርቶ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ቆየች። 6 የቀን ትርፍ ሰዓት፣ አንዱ 60 ብር፣ ሁሉም 360 ብር። ከዚያ አንድ የዕረፍት እሁድ ማሽን ለማስነሳት ተጠርታ 4 ሰዓት ሠራች፤ አንዱ 80 ብር፣ ሁሉም 320 ብር። ትርፍ ሰዓት ከመደበኛው የሥራ ሰዓት ውጭ የሆነ ተጨማሪ ሥራ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ የሚደመረው ሙሉው 1.5 ወይም 1.75 ነው። ግማሹን ወይም 0.75ቱን ብቻ የሚጨምር የፔይሮል ሠራተኛ የፈረቃ አበልን ከትርፍ ሰዓት ጋር አደባልቋል።

ሲደመር 8,320፣ 576፣ 560፣ 360 እና 320፤ ያልተጣራው ገቢዋ 10,136 ብር ነው። ነገር ግን ይህን ብር በእጇ አታየውም።

የፈረቃ አበሉም ትርፍ ሰዓቱም ግብር ይከፈልባቸዋል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ድረስ ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ይከፍላል። ለእርሷ 300፣ 600፣ 750 ሆኖ፣ ከ10,000 ያለፈው 136 ብር ደግሞ 40.80 ያስከፍላል። ጠቅላላ ግብሯ 1,690.80 ብር ነው። ጡረታ የሚቆረጠው ግን ከመነሻ ደመወዝ ብቻ ነው፤ 7 በመቶው 582.40 ብር። የተጣራው 7,862.80 ብር ይሆናል።

ጭማሪው ባይኖር ኖሮ 6,507.60 ብር ይደርሳት ነበር። ስለዚህ በወረቀት 1,816 ብር የሆነው ጭማሪ ቤት ሲገባ 1,355.20 ብር ነው። ጡረታው ከትርፍ ሰዓት አለመቆረጡ ዛሬ ደስ ያሰኛል። በሌላ በኩል ግን፣ ዓመታት በሌሊት የተሠራው ትርፍ ሰዓት ነገ በሚሰላው የጡረታ አበል ውስጥ አይገባም ማለትም ነው።

ስህተት በብዛት የሚገባው የሰዓት ዋጋ ሲወጣ ነው፤ ማባዣው ትክክል ሆኖ እንኳ። አንዳንድ ድርጅት ደመወዙን ለ208 በማካፈል ፈንታ ወሩን 30 ቀን፣ ቀኑን 8 ሰዓት አድርጎ ለ240 ያካፍላል። ይህ ሠራተኛዋ በዕረፍት ቀኗም 8 ሰዓት የሠራች ያስመስላል። ያኔ የሰዓት ዋጋዋ ከ40 ወደ 34.67 ይወርዳል፤ ጭማሪዋም ከ1,816 ወደ 1,574 ብር ግድም ይቀንሳል። 242 ብር በአንዲት የማካፈያ ቁጥር ጠፋ። የክፍያ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱ ትክክል፣ ማባዣው ትክክል ሆኖ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥርም። ማወቂያው ቀላል ነው፤ የአንድ ሰዓት የቀን ትርፍ ክፍያን ለ1.5 አካፍሉት፣ ከዚያ መነሻ ደመወዛችሁን በተገኘው ቁጥር አካፍሉት። 208 ካልመጣ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

የጥበቃ ሠራተኞች ጉዳይ ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ሌሊት የሚቆም ዘበኛ 72 ሰዓት ይሞላል። አዋጁ ግን ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቧል። የእርሱ ትርፍ 24 ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ጥያቄው የስሌት ብቻ መሆኑ ይቀራል። በመንግሥት ሆስፒታል «ዲዩቲ» የሚያድሩ ነርሶችና ሐኪሞች ደግሞ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የሚተዳደሩ ስለሆኑ ይህ ስሌት አይመለከታቸውም።

አሜሪካ ዘመድ ያለው አንባቢ በስልክ የሚሰማው ነገር ከዚህ የተለየ ነው፤ እዚያ በነርሲንግ ሆም ወይም በሆቴል በሌሊት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። የፌዴራሉ ሕግ እዚያም የሌሊት አበል አያስገድድም። አሠሪው ከሰጠ ግን ትርፍ ሰዓት የሚሰላው አበሉ ከተጨመረ በኋላ ነው። በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈለው ሰው ሳምንቱን ሙሉ በ2 ዶላር የሌሊት አበል ቢሠራ፣ ከ40 ሰዓት በላይ ያለው አንዱ ሰዓት 33 ዶላር ነው፤ 30 አይደለም። በእኛ አዋጅ የትርፍ ሰዓት መነሻ መደበኛው የሰዓት ክፍያ ስለሆነ፣ ከላይ ባለው ስሌት 40 ብሩን ብቻ የወሰድኩት ለዚህ ነው።

ጉድለት ያገኘ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሰዓት ማስረጃ ነው። ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ስለሆነ፣ «ራስህ ቆየህ እንጂ ማን አዘዘህ» የሚል መልስ ይመጣል። ትእዛዙንም የተሠራውን ሰዓትም የመመዝገብ ግዴታ የአሠሪው ቢሆንም፣ ቀኑን፣ የቆየበትን ሰዓትና ያዘዘውን አለቃ ስም በራሱ ደብተር የያዘ ሰው ክርክሩን በተሻለ ቦታ ይጀምራል። በደመወዝ መዝገብ ላይ ፈርሞ መቀበል ደግሞ የቀረውን መብት እንደ መተው አይቆጠርም፤ አዋጁ ይህን በግልጽ ተናግሯል። የማይጠብቀው ጊዜ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የመስከረም 242 ብር እስከ መጋቢት ካልተጠየቀ በክስ አይመለስም፤ የጥቅምቱም ወር ቆጥሮ ይከተለዋል።