በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ፦ ሁለት ሱቅ ያለው ነጋዴ የክምችት ሶፍትዌር ሲመርጥ ምን ያነጻጽራል?

የዕቃ ክምችት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚያቀርቡ ድርጅቶች የማነጻጸሪያ ሠንጠረዣቸውን በልዩ ልዩ ገጽታዎች ይሞሉታል፤ ባርኮድ ማንበብ፣ ባለቀለም ግራፍ፣ የዕለት ሪፖርት፣ የስልክ መተግበሪያ። አንድ ሱቅ ብቻ ላለው ነጋዴ ከእነዚህ አብዛኛዎቹ ተቀራራቢ አገልግሎት ስለሚሰጡ ምርጫው ያን ያህል አያስቸግርም። ሱቁ ሁለት ሲሆን ግን በሠንጠረዡ ላይ እምብዛም የማይታይ ጥያቄ ይነሣል። ከአንዱ ሱቅ ወጥቶ ወደ ሌላው ያልደረሰ ዕቃ በማን ስም ተመዝግቦ ይቆያል? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ ጉድለት በተገኘ ጊዜ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ስለሚወስን፣ ከሌሎቹ መመዘኛዎች ሁሉ ቀድሞ ሊመረመር ይገባል።

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ይህ ጥያቄ የዕለት ተዕለት ነው። የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚዘረጋው ዋና መንገድ ላይ ስለምትገኝ፣ ከባድ ጭነት እዚያ ወርዶ ወደ ታች ጋይንቷ አርብ ገበያ በአነስተኛ ተሽከርካሪ መላኩ የተለመደ የንግድ አካሄድ ነው። ለማብራሪያ ያህል በነፋስ መውጫ ዋና ሱቅ፣ በአርብ ገበያ ደግሞ ቅርንጫፍ ያለው አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ይታሰብ። በዋናው ሱቅ 120፣ በቅርንጫፉ 30፣ በድምሩ 150 የቤት ክዳን ቆርቆሮ አለው። ሰኞ 40 ቆርቆሮ ጭኖ ወደ ቅርንጫፉ ይልካል፤ ጭነቱ የሚደርሰው ረቡዕ ነው።

ዝውውርን በአንድ እርምጃ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ሰኞ ዕለት «አስተላልፍ» የሚለው ቁልፍ እንደተጫነ ዋናውን ሱቅ ወደ 80 ዝቅ፣ ቅርንጫፉን ወደ 70 ከፍ ያደርጋል። ማክሰኞ በአርብ ገበያ ያለው ሻጭ መዝገቡን ከፍቶ 70 ያያል፤ በእጁ ያለው ግን 30 ብቻ ነው። 50 ቆርቆሮ ለሚፈልግ ደንበኛ ቀብድ ቢቀበል መዝገቡ አይከለክለውም። ከዚህ የሚብሰው ረቡዕ ይመጣል። ከ40ው ሁለቱ በመንገድ ላይ ተጣጥፈው ወይም ጠፍተው 38 ብቻ ቢደርሱ፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ ይህን የሚያሳይ አንድም ምልክት የለም። መዝገቡ 70 እንዳለ ይቀጥላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ቆጠራ ሲደረግ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ሁለቱ ቆርቆሮዎች በቅርንጫፉ ሻጭ ላይ ጉድለት ሆነው ይቆጠራሉ። ሻጩ ተረክቦ የማያውቀውን ዕቃ ከደመወዙ ሊከፍል ይችላል፤ የጫነውን ወይም ያጓጓዘውን ሰው ለመጠየቅም ጊዜው አልፏል።

ዝውውርን በሁለት እርምጃ የሚመዘግብ ሶፍትዌር በላኪውና በተቀባዩ መካከል ሦስተኛ ሥፍራ ይይዛል። ሰኞ ላኪው ሲፈርም ዋናው ሱቅ 80፣ መንገድ 40፣ ቅርንጫፍ 30 ይሆናል፤ ድምሩ ያው 150 ነው። ረቡዕ ተቀባዩ ቆጥሮ 38 ሲያስገባ ቅርንጫፉ 68፣ መንገዱ 2 ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ኃላፊነት ያለው ሰው «ተበላሽቷል»፣ «ተመልሷል» ወይም «ጠፍቷል» ብሎ እስኪዘጋቸው ድረስ በመንገድ መዝገብ ላይ ይቆያሉ። ጉድለቱ በወራት ፋንታ በዕለቱ፣ ከነሹፌሩና ከነጫኙ ይታወቃል ማለት ነው።

አሠራሩ ለኢትዮጵያ የንብረት አያያዝ አዲስ አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ከግምጃ ቤት ሲወጣ በሞዴል 22፣ ሲገባ በሞዴል 19 ይመዘገባል፤ ላኪውና ተቀባዩም በየራሳቸው ሰነድ ይፈርማሉ። በንብረት ክፍል የሠራ ሰው አንድ ሶፍትዌር ለአንድ ዝውውር ሁለት የተለያዩ ፊርማዎችን መያዝ አለመያዙን በቀላሉ ሊለይ ይችላል። በነፃ ከሚገኙት መካከል ኦዱና ኢአርፒኔክስት ይህን ሦስተኛ ሥፍራ ማደራጀት ያስችላሉ፤ ሆኖም መጋዘኑና የዝውውሩ መንገድ መጀመሪያ በትክክል ካልተዋቀሩ እነርሱም ዕቃውን በአንድ እርምጃ ሊያሻግሩት ይችላሉ። ስለዚህ ሻጩን «ዝውውር አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሁሉም «አዎን» ይላሉ። 40 ልኮ 38 ተቀብሎ ሁለቱ የት እንደቀሩ እንዲያሳይ ማድረግ ይሻላል።

ሁለተኛው መመዘኛ ግንኙነት ሲቋረጥ የሚሆነው ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መዝለቁ ይታወሳል፤ በሰላሙ ጊዜም ቢሆን የመብራትና የኔትወርክ መጥፋት ያልተጠበቀ ነገር አይደለም። ብዙ ሶፍትዌሮች «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» ተብለው ይቀርባሉ። ይሁን እንጂ ቁም ነገሩ ግንኙነቱ ሲመለስ ሁለቱ ሱቆች መዝገባቸውን እንዴት ያስታርቃሉ የሚለው ነው።

ከላይ የተጠቀሰው ቅርንጫፍ 68 ቆርቆሮ ይዞ ኔትወርክ ጠፋ እንበል። ሻጩ በስልኩ ላይ 10 ቆርቆሮ ሸጦ ቀሪው 58 መሆኑን ያያል። በዚያው ቀን አንድ ደንበኛ በነፋስ መውጫ ከፍሎ 6 ቆርቆሮ ከአርብ ገበያ እንዲረከብ ይስማማል፤ ይህ ሽያጭ በዋናው መዝገብ ላይ የቅርንጫፉን ቀሪ 62 ያደርገዋል። ግንኙነቱ ሲመለስ ስልኩ የሚልከው ቀሪውን ቁጥር ከሆነ፣ 58 የሚለው 62ን ይሽረዋል፤ የ6ቱ ቆርቆሮ ወጪም ከቀሪው ስሌት ይጠፋል። ስልኩ የሚልከው እንቅስቃሴውን፣ ማለትም «10 ወጪ» የሚለውን ብቻ ከሆነ ግን፣ ከ68 ላይ 10 እና 6 ተቀንሰው ትክክለኛው 52 ይገኛል። ቢን ካርድ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳዋል። በካርዱ ላይ ቀሪ የሚገኘው ከገቢና ከወጪ መስመሮች ነው፤ የቀሪውን ዓምድ ብቻ ፍቆ የሚጽፍ የለም። ደህና የተሠራ ሶፍትዌርም ለአንድ ዕቃ የገቢና የወጪ መስመሮቹን ሁሉ ከነሰዓታቸውና ከነመዝጋቢያቸው ዘርዝሮ ያሳያል።

የእንቅስቃሴ ምዝገባም የራሱ አደጋ አለው። መረጃው በመላክ ላይ ሳለ ኔትወርክ ቢቆራረጥ ስልኩ ያንኑ ሽያጭ እንደገና ሊልክ ይችላል። እያንዳንዱ መስመር ገና በስልኩ ላይ ሲፈጠር የማይደገም መለያ ካልተሰጠው 10ሩ ቆርቆሮ 20 ሆኖ ይቀነሳል። ሙከራው ቀላል ነው፤ ዳታ አጥፍቶ ሦስት ሽያጭ መመዝገብ፣ ዳታውን ከፍቶ ወዲያው መልሶ መዝጋት፣ እንደገና ከፍቶ መረጃው እስኪላክ መጠበቅ፣ ከዚያም በዋናው መዝገብ ላይ ሦስት መስመር ብቻ መኖሩን ማረጋገጥ። የደረሰኝ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ ሱቆች ተለያይተው ሲሠሩ አንድ ዓይነት ቁጥር እንዳያወጡ ለየሱቁ የተለየ መነሻ ፊደል ሊኖር ይገባል።

ምንም ያህል የተሻለ ሶፍትዌር ቢመረጥ፣ ተለያይተው የሚሠሩ ሁለት ሱቆች የመጨረሻዎቹን 6 ቆርቆሮዎች ለሁለት ሰው እንዳይሸጡ ማድረግ አይችልም። ሊመዘን የሚገባው ይህ ከሆነ በኋላ የሚያደርገው ነው። ኢአርፒኔክስትን በመሰሉ ሥርዓቶች ክምችት ከዜሮ በታች እንዲወርድ የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል ማስተካከያ አለ፤ በኢአርፒኔክስት ስሙ Allow Negative Stock ነው። መከልከል በመጀመሪያ ሲታይ ጥንቃቄ ይመስላል። ነገር ግን ቅርንጫፉ ያለ ግንኙነት የፈጸመውን ሽያጭ ሥርዓቱ «ዕቃ የለም» ብሎ ቢመልሰው፣ ገንዘቡ በእጅ፣ ዕቃው በደንበኛው ቤት ሆኖ ሽያጩ ብቻ ከመዝገብ ውጭ ይቀራል። የሚመረጠው በግንኙነት ላይ ያለን ሻጭ የሚከለክል፣ ዘግይቶ የደረሰን ሽያጭ ግን ተቀብሎ ከዜሮ በታች መውረዱን ለባለቤቱ የሚያሳውቅ ነው። ሁለቱን ለይቶ የማያይ ሶፍትዌር ከሆነ፣ ፈቅዶ በየማታው የአሉታዊ ቀሪዎችን ዝርዝር መመልከት ይሻላል።

ሦስተኛው ጉዳይ ዋጋ ነው። የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ በተለያየ ጊዜ በተለያየ ዋጋ መግባቱ ጎልቶ ይታያል። ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች በኋላ የገባውን በፊት እንደወጣ የሚቆጥረውን ስሌት ስለማይፈቅዱ፣ ለአነስተኛ ነጋዴ የሚቀርቡት አማራጮች ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል የሚለውና አማካይ ዋጋ ናቸው። ለሁለት ሱቅ የሚጨመረው ጥያቄ አማካዩ ለድርጅቱ በአንድነት ወይስ ለየሱቁ ይሰላል የሚል ነው። ለስሌት ቅለት፣ በዋናው ሱቅ ካሉት 120 ቆርቆሮዎች 48ቱ በ800 ብር፣ 72ቱ በ1,000 ብር የገቡ ቢሆኑ አማካዩ 920 ብር ነው። ለ40ው ማጓጓዣ 1,200 ብር ቢከፈልና ሁሉም ቢደርሱ በእያንዳንዱ ላይ 30 ብር ይጨመራል፤ አርብ ገበያ የደረሰው ቆርቆሮ የፈጀው 950 ብር ነው። በ980 ብር ሲሸጥ ትርፉ 30 ብር ሲሆን፣ ለድርጅቱ አንድ አማካይ ብቻ የሚይዝ ሶፍትዌር ግን 60 ብር ብሎ ያሳያል። ማጓጓዣው በሌላ የወጪ መደብ ስለሚገኝ የድርጅቱ ጠቅላላ ትርፍ በመጨረሻ አይዛባም፤ የሚዛባው ሁለቱን ሱቆች ማወዳደር ነው። ቅርንጫፉን መዝጋት ወይም ማስፋት ሲታሰብ ይህ ልዩነት ውሳኔውን ሊገለብጠው ይችላል።

የቀሩት መመዘኛዎች በአጭሩ ሊታዩ ይችላሉ። ምስማር በካርቶን ተገዝቶ በኪሎ ስለሚሸጥ የመለኪያ ለውጡ እስከ ግማሽና ሩብ ኪሎ መድረስ አለበት። የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር በሪፖርት ላይ አለመኖሩ ያስቸግራል እንጂ ምርጫን አያስለውጥም። በደንብ ቁጥር 139/1999 የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚጠቀም ነጋዴ ደግሞ የክምችት ሶፍትዌሩ መሣሪያውን እንደማይተካ አውቆ፣ ሁለቱ ይገናኙ እንደሆነ ወይም ሽያጩ ሁለት ጊዜ መጻፍ እንዳለበት አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል። በሁለቱ ሱቆች መካከል የሚደረግ ዝውውር ሽያጭ ስላልሆነ በመሣሪያው በኩል ማለፍ የለበትም፤ በዝውውር ሰነድ ይላካል። ሶፍትዌሩ ይህን ሰነድ ለሹፌሩ አትሞ መስጠት መቻሉም ይታይ።

አንዳንድ ነጋዴዎች የአንድ ሱቅ ሶፍትዌር ይዘው ለሁለት ለመጠቀም ለአንዱ ቆርቆሮ ሁለት መለያ ቁጥር ይሰጣሉ፤ አንዱ ለነፋስ መውጫ፣ ሌላው ለአርብ ገበያ። ዘዴው ለጥቂት ዓይነት ዕቃ ይሠራል። ሆኖም ዝውውሩ የአንዱ ዕቃ ቅናሽና የሌላው ጭማሪ ሆኖ ስለሚጻፍ የመንገዱ መዝገብ ይጠፋል፣ የመሸጫ ዋጋም በሁለት ቦታ መስተካከል አለበት። ነጋዴው በስማዳ ወገዳ ወይም በእስቴ መካነ ኢየሱስ ሦስተኛ ሱቅ የከፈተ ዕለት የዕቃው ዝርዝር በሙሉ ለሦስተኛ ጊዜ ይጻፋል፤ ሱቆችን በዝርዝር የሚይዝ ሶፍትዌር ግን አንድ ስም ብቻ ይጨመርበታል።